ከስሮ 2.5 በመቶ የከፈለው የኮምቦልቻ ድርጅት፦ ግብሩ እንዴት ተሰላ፣ በኋላስ እንዴት ይቀናነሳል?

ድርጅቱ ኮምቦልቻ ውስጥ ቆርቆሮና ምስማር የሚያመርት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ጥቅል ብረቱን ከውጭ ያስገባል፤ ምርቱን ለደሴ፣ ለባቲ፣ ለሐይቅና ለወልድያ ነጋዴዎች እንዲሁም ለሕንፃ ተቋራጮች ይሸጣል። ስሙን አንጠቅስም፣ አኃዞቹንም ለንባብ እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን 2018 ሲዘጋ መዝገቡ ኪሳራ አሳየ። ጥቅል ብረቱ የተገዛበት ምንዛሪ ከፍ ብሏል፣ የባንክ ወለዱ ከብዷል፣ በክረምቱ ደግሞ መብራት በተደጋጋሚ እየጠፋ ማሽኖቹ ቆመው ሠራተኛው ደመወዝ ሲበላ ነበር።

ባለቤቱ ሂሳብ ሠራተኛዋን የጠየቋት ጥያቄ አጭር ነበር። «ልጄ፣ ከሰርን ብለን እያሳወቅን ግብር የምንከፍለው ከምኑ ላይ ነው?»

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ዝቅተኛ አማራጭ ግብር የሚባለውን አምጥቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በመደበኛው መንገድ፣ ማለትም በትርፍ ላይ 30 በመቶ ተሰልቶ የሚገኘው ግብር ከዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ 2.5 በመቶ ካነሰ ድርጅቱ የሚከፍለው 2.5 በመቶውን ነው። ኪሳራ ላይ ያለ ድርጅት መደበኛ ግብሩ ዜሮ ስለሆነ ሙሉው 2.5 በመቶ ይመጣበታል። ከመደበኛው ግብር በላይ የተከፈለው ልዩነት ግን ቀልጦ አይቀርም። ወደ ፊት ድርጅቱ ሲያተርፍ ከሚመጣበት ግብር ላይ ይቀናነሳል፤ ከዚህ በታች ቀናሽ የምንለው ይህን ልዩነት ነው።

ይህ ግብር የሚነካው የከሰረውን ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። 30 በመቶው የትርፍ ግብር ከሽያጩ 2.5 በመቶ ጋር የሚተካከለው ትርፉ የሽያጩ 8.33 በመቶ ሲሆን ነው። ከ12 ብር ሽያጭ 1 ብር የተጣራ ትርፍ እንደማለት ነው። ከዚያ በታች የሚያተርፍ ሁሉ፣ መዝገቡ ኪሳራ ባያሳይም፣ የሚከፍለው በሽያጩ ላይ ነው። እንደ ቆርቆሮ ባለ ብዙ ተሽጦ ጥቂት በሚተርፍበት ሥራ ይህ መስመር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

መጀመሪያ ሽያጩን ማጥራት

ግብሩ በሽያጭ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራ የሽያጩን ቁጥር ማስተካከል ነው። ትርፍና ኪሳራ ላይ ዓይኑን የተከለ ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ያልፈዋል፤ እዚህ ድርጅት ውስጥም መጀመሪያ የታየው ስህተት ይኸው ነበር።

የሽያጭ መዝገቡ 47,600,000 ብር ይላል። በ12ቱ ወራት የቫት ማሳወቂያዎች ላይ የተመዘገበው ሽያጭ ሲደመር ደግሞ 49,000,000 ብር ይመጣል። ልዩነቱ 1,400,000 ብር ነው። ይህ ልዩነት ሳይፈታ ፋይሉ ቢገባ የግብር ኦዲተሩ ትልቁን ቁጥር ይዞ ይነሳል፤ ድርጅቱ ደግሞ ትንሹን ይዞ ይከራከራል። ስለዚህ ወር በወር ተመሳከረ።

ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ የብረት ቁርጥራጭ ተሽጦ የገባው 400,000 ብር በቫት ማሳወቂያው ላይ ተመዝግቦ ሳለ በዋናው መዝገብ የተመዘገበው ከሽያጭ ሳይሆን የጥሬ ዕቃ ወጪ መቀነሻ ሆኖ ነው። ለትርፍና ኪሳራው ለውጥ አያመጣም፤ ወጪ ቢቀነስ ወይም ገቢ ቢጨመር ውጤቱ አንድ ነው። ለ2.5 በመቶው ግን ለውጥ ያመጣል፣ ምክንያቱም ቁርጥራጩም ሽያጭ ነው። ወደ ሽያጭ ተመልሶ 48,000,000 ብር ሆነ። ሁለተኛ፣ ውፍረቱ ከታዘዘው ያነሰ ቆርቆሮ ከአንድ ደንበኛ ተመልሶ ነበር። ዋጋው 1,000,000 ብር ነው። በመዝገቡ ከሽያጭ ተቀንሷል፣ በቫት ማሳወቂያው ላይ ግን አልተቀነሰም። የመመለሻ ሰነዱ ተፈልጎ፣ ከመጀመሪያው የሽያጭ ደረሰኝና ከመጋዘን መግቢያው ጋር ተያይዞ ፋይል ውስጥ ገባ፤ የቫቱም ማስተካከያ ተጠየቀ። ሰነዱ ባይገኝ ኖሮ ላልተሸጠ ዕቃ 25,000 ብር ይከፈል ነበር።

አሁን ሁለቱም መንገዶች 48,000,000 ብር ላይ ተገናኙ። ይህን ማስታረቂያ በአንድ ገጽ ጽፎ ከማሳወቂያው ጋር ማስቀመጥ ከምንም ነገር በላይ ይጠቅማል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲት ሲመጣ ያን ጊዜ የነበረው ሠራተኛ ላይኖር ይችላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጨመር። የመጀመሪያው ረቂቅ ስሌት ግብሩን 1,380,000 ብር ብሎት ነበር። ከየት መጣ ቢባል፣ ቁጥሩ የተወሰደው ከካሽ ሬጅስተር ማሽኑ የዓመት ድምር ላይ ሲሆን እሱ 15 በመቶ ቫትን ይጨምራል፦ 55,200,000 ብር። ቫት የድርጅቱ ገቢ አይደለም፤ ለመንግሥት የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። ያለ ቫት ሲሰላ 48,000,000 በ2.5 በመቶ ተባዝቶ 1,200,000 ብር ይሆናል። የስህተቱ ዋጋ 180,000 ብር ነበር። ስሌቱ ትክክል መሆኑን ለማየት ቀላል መንገድ አለ፦ ግብሩን በ0.025 አካፍለው የሚወጣው ቁጥር በትርፍና ኪሳራ መግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ ካለው የሽያጭ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት።

ኪሳራው ስንት ነው?

መዝገቡ ያሳየው ኪሳራ 2,900,000 ብር ነው። ለግብር ሲባል ግን ይህ ቁጥር እንዳለ አይሄድም። በወጪ ውስጥ ከገቡት መካከል ቅጣት፣ ያለ በቂ ደረሰኝ የተከፈለ የጭነት ሒሳብ እና ገና ያልተረጋገጠ የአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ ነበሩ። ድምራቸው 500,000 ብር ነው። እነዚህ ሲመለሱ ለግብር ተቀባይነት ያለው ኪሳራ 2,400,000 ብር ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ከሰርን እንጂ አላተረፍንም፣ ወጪውን ማጥራት ለምን አስፈለገ? ግብሩ ለማንኛውም 2.5 በመቶ ነው» ይላል። ለዘንድሮ እውነት ነው፤ የኪሳራው መጠን 1 ብርም ቢሆን 10 ሚሊዮን የሚከፈለው አይለወጥም። ነገር ግን ይህ ኪሳራ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል። ኪሳራ የሚሸጋገረው እስከ 5 ዓመት ነው፤ ድርጅቱ ሊያሸጋግር የሚችለውም የሁለት ዓመት ኪሳራ ብቻ ነው። መዝገቡ በውጭ ኦዲተር የተመረመረና በግብር ሰብሳቢው ተቀባይነት ያገኘ መሆን አለበት። ዘንድሮ ያልጠራ ኪሳራ ከርሞ በኦዲት ሲቀነስ፣ የከርሞው ግብር ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይመጣል። ይህ ድርጅት ከ2018 በፊት ከስሮ ስለማያውቅ ከሁለቱ አንዱን ዕድል ተጠቅሟል፤ አንድ ቀርቶታል።

ሌላም ስህተት ተገኝቶ ነበር። በረቂቁ ላይ 1,200,000 ብሩ «ልዩ ልዩ ግብር» ተብሎ ከሥራ ማስኬጃ ወጪ ጋር ተመዝግቦ፣ ኪሳራው ወደ 3,600,000 ብር ሊያድግ ነበር። ዝቅተኛ አማራጭ ግብር የገቢ ግብር ነው። የገቢ ግብር ከገቢ ግብር ማስያ ላይ እንደ ወጪ አይቀነስም። ቢቀነስ ኖሮ አንዱ ብር ሁለት ጊዜ ጥቅም ይሰጥ ነበር፦ አንዴ በኪሳራ፣ አንዴ በቀናሽ። ማንም ኦዲተር ይህን ሳያይ አያልፍም።

ከኪስ የወጣው 120,000 ብር ብቻ ነው

ባለቤቱ 1,200,000 ብር ሲሰሙ ደነገጡ። ባንክ ውስጥ ያን ያህል ገንዘብ የለም። ይሁን እንጂ ግብሩ በአብዛኛው ቀድሞ ተከፍሏል።

ተቋራጮችና ሌሎች ቀራጭ የሆኑ ገዢዎች ሲከፍሉ 3 በመቶ ቅድመ ግብር ቀንሰው ያስቀራሉ። ይህ ድርጅት በ2018 ለእነዚህ ገዢዎች የሸጠው 22,000,000 ብር ስለሆነ የተቀነሰበት 660,000 ብር ነው። ከዚህ ሌላ ጥቅል ብረቱ በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በኩል ሲገባ በጉምሩክ ላይ 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይከፈላል፤ የዕቃው ዋጋ፣ መድንና እስከ ወደብ ያለው ጭነት ተደምሮ 14,000,000 ብር ስለነበር 420,000 ብር ተከፍሏል። ሁለቱ ሲደመሩ 1,080,000 ብር ይሆናሉ።

ስለዚህ ከ1,200,000 ብር ላይ 1,080,000 ብር ሲቀነስ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው 120,000 ብር ነው። የቅድመ ግብሩ ልክ 3 በመቶ፣ የዝቅተኛው ግብር ልክ ደግሞ 2.5 በመቶ በመሆኑ ሽያጩ በሙሉ ለቀራጮች የሆነ ድርጅት ተጨማሪ ላይከፍል እንደሚችል ከዚሁ ይታያል። ለችርቻሮ ነጋዴ የሚሸጥ ግን ከኪሱ ያወጣል።

ይህ ሲባል ደረሰኝ በእጅ ካለ ነው። መዝገቡ ገዢዎች የቀነሱት 660,000 ብር ነው ቢልም ፋይሉ ውስጥ የነበሩት የቅድመ ግብር ደረሰኞች ሲደመሩ 585,000 ብር ብቻ ሆኑ። የጎደለው 75,000 ብር ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ግንባታ ላይ ለነበረ አንድ ተቋራጭ ከተሸጠ የ2,500,000 ብር ቆርቆሮ ነው። ተቋራጩ ቀንሷል፣ ለመንግሥትም ገቢ አድርጓል፣ ደረሰኝም ቆርጧል። ደረሰኙ ሲመጣ ግን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ውስጥ አንድ አኃዝ ተሳስቷል፦ በ6 ፋንታ 0 ተጽፏል። በሥርዓቱ ላይ ገንዘቡ የቆመው በሌላ ሰው ቁጥር ስር ነው። ደረሰኙ ተሰርዞ በትክክለኛው ቁጥር እንደገና እስኪቆረጥና ተቋራጩ የወሩን ማሳወቂያ እስኪያርም 3 ሳምንት ወሰደ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ስለሆነ እንጂ ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላ ክልል ሄዶ ቢሆን 75,000 ብሩ ሊጠፋ ይችል ነበር። ገዢው በሚከፍልበት ቀን ደረሰኙን ተቀብሎ ሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ መለያ ቁጥሩን በአኃዝ በአኃዝ፣ የሽያጩን ዋጋ ያለ ቫት፣ ቀኑን። እዚያው ሲታይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ፊት የሚሸጋገረው ስንት ነው? 120,000 ወይስ 1,200,000?

የጉዳዩ አንጓ ይኸ ነው። የድርጅቱ ሂሳብ ሠራተኛ «ወደ ሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፍ ቀናሽ» ብላ የጻፈችው 120,000 ብር ነበር፤ ባንክ ሄዶ የተከፈለው እሱ ብቻ ነውና። በዚህ አያያዝ ድርጅቱ 1,080,000 ብር ያጣል።

ቀናሹ የሚለካው በዓመቱ በተሰላው ዝቅተኛ ግብርና በመደበኛው ግብር መካከል ባለው ልዩነት ነው። ግብሩ በምን መንገድ ተከፈለ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ቅድመ ግብር መክፈያ መንገድ ነው፤ ዕዳውን በከፊል ቀድሞ ማስገባት ማለት ነው። የዓመቱ ግብር 1,200,000 ብር ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ መደበኛው ግብር ዜሮ ነው። ስለዚህ የሚሸጋገረው 1,200,000 ብር ነው።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። አንዳንዱ ድርጅት 1,080,000 ብሩን «ከስረናልና ተመላሽ ይደረግልን» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ከአዲሱ ግብር በፊት የከሰረ ሰው በትክክል የሚጠይቀው ነበር። አሁን ያ ገንዘብ የ2018ን ዝቅተኛ ግብር ለመክፈል ውሏል፤ በእጅ ያለው የወደፊት ቀናሽ እንጂ ተመላሽ አይደለም። ሁለቱን ማለትም ተመላሹንም ቀናሹንም መጠየቅ አንዱን ብር ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ለድርጅቱ ሦስት የተለያዩ መቆጣጠሪያ ገጾች ተከፈቱለት። አንዱ ለሚሸጋገር ኪሳራ፣ አንዱ ለቅድመ ግብር ደረሰኞች፣ አንዱ ለዝቅተኛ ግብር ቀናሽ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ቀናሹ የተገኘበት ዓመት፣ መጠኑ፣ በየዓመቱ የዋለው፣ ቀሪውና መጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ዓመት ይጻፋል። ሦስቱ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በተለይ ሂሳብ ሠራተኛ ሲቀየር።

ማሳወቂያው ከተከፈለው ገንዘብ ጋር የገባው ከጥቅምት 30 ቀን 2019 በፊት ነው፤ የሂሳብ መዝገብ ለሚይዝ ድርጅት የዓመቱ መዝጊያ ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ 4 ወር ነው። ያ የሦስት ሳምንቱ ደረሰኝ ነገር ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቢገኝ ኖሮ በጊዜው አይደርስም ነበር። ደረሰኞቹ መቆጠር ያለባቸው ሐምሌ ውስጥ ነው።

የሚቀጥሉት ዓመታት፦ ኪሳራና ቀናሽ ሲጋፉ

ባለቤቱ ቀጥለው ማወቅ የፈለጉት ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስላቸው ነው። ለዚህ የ3 ዓመት ትንበያ ተሠራ። በ2019 ሽያጩ 60,000,000 ብር፣ ትርፉ 10 በመቶ፣ ማለትም 6,000,000 ብር ይሆናል ተብሎ ተገመተ።

ባለቤቱ የጠበቁት እንዲህ ነበር፦ የ6,000,000 ብር 30 በመቶ 1,800,000 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ 1,200,000 ብሩ ተቀንሶ 600,000 ብር እንከፍላለን። ስሌቱ እንደዚያ አይሄድም። መጀመሪያ የሚመጣው የተሸጋገረው ኪሳራ ነው፤ እሱ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል፣ ግብር ሳይሰላ። ከ6,000,000 ላይ 2,400,000 ሲቀነስ 3,600,000 ብር ይቀራል። 30 በመቶው 1,080,000 ብር ነው። የ2019 ዝቅተኛ ግብር ደግሞ የ60,000,000 ብር 2.5 በመቶ፣ ማለትም 1,500,000 ብር ነው። መደበኛው ከዝቅተኛው አንሷል። ስለዚህ ድርጅቱ አትርፎም የሚከፍለው 1,500,000 ብር ነው። ከ2018 ቀናሽ አንድ ብርም አልተጠቀመም፤ ይልቁን 420,000 ብር አዲስ ቀናሽ ተጨመረ። ጠቅላላው 1,620,000 ብር ደረሰ።

«ኪሳራውን ለ2020 አቆይተን በ2019 ቀናሹን ብንጠቀምስ?» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ይህ ምርጫ የግብር ከፋዩ አይደለም። ኪሳራ የሚቀነሰው በተከታዩ ዓመት ነው፤ ትርፍ እያለ የሚቆይ ነገር አይደለም። ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ትርፉ ስላልበቃው የተረፈው ብቻ ነው።

ኪሳራው ግን ባከነ ማለት አይደለም። የ2,400,000 ብር ኪሳራ የግብር ዋጋ 720,000 ብር ነው። ያለ ኪሳራው መደበኛው ግብር 1,800,000 ብር ይሆን ነበር፤ ከዚያ እስከ 1,500,000 ያለው 300,000 ብር ወዲያው ጥቅም ሰጥቷል፣ የቀረው 420,000 ብር ደግሞ ወደ ቀናሽ ተቀይሮ ቆየ።

የቀናሹን አጠቃቀም ስናቅድ ጥንቃቄ የተሞላበትን መንገድ ተከትለናል፦ ቀናሹ የዓመቱን ግብር ዝቅ የሚያደርገው እስከዚያው ዓመት 2.5 በመቶ ድረስ ብቻ ነው ብለን ሠራን። ዝቅተኛው ግብር በየዓመቱ ወለል ከሆነ፣ የገንዘብ ዕቅድ ከወለሉ በታች ባለ ቁጥር ላይ መቆም የለበትም። ግብር ሰብሳቢው ከዚያም በታች እንዲቀናነስ ከተቀበለ ገንዘቡ ፈጥኖ ይመለሳል እንጂ ዕቅዱ አይበላሽም።

በዚህ መሠረት በ2020 ሽያጩ 66,000,000 ብር፣ ትርፉ 9,900,000 ብር ቢሆን መደበኛው ግብር 2,970,000 ብር፣ ወለሉ 1,650,000 ብር ነው። በመካከላቸው ያለው 1,320,000 ብር የቀናሽ ቦታ ነው። መጀመሪያ የ2018ቱ 1,200,000 ብር ያልቃል፣ ከ2019ኙ 120,000 ብር ይታከላል፣ ቀሪው 300,000 ብር ይሆናል። በ2021 ሽያጩ 70,000,000 ብር፣ ትርፉ 8,400,000 ብር ቢሆን መደበኛው 2,520,000 ብር፣ ወለሉ 1,750,000 ብር ስለሆነ 300,000 ብሩ ያለችግር ያልቃል።

| ዓመት | መደበኛ ግብር | 2.5 በመቶ | የዋለ ቀናሽ | የሚከፈል ግብር | ቀሪ ቀናሽ |
|---|---|---|---|---|---|
| 2018 | 0 | 1,200,000 | 0 | 1,200,000 | 1,200,000 |
| 2019 | 1,080,000 | 1,500,000 | 0 | 1,500,000 | 1,620,000 |
| 2020 | 2,970,000 | 1,650,000 | 1,320,000 | 1,650,000 | 300,000 |
| 2021 | 2,520,000 | 1,750,000 | 300,000 | 2,220,000 | 0 |

የአራቱን ዓመት መደበኛ ግብር ብንደምር 6,570,000 ብር ይሆናል። የተከፈለውም ሲደመር 6,570,000 ብር ነው። ስለዚህ ቀናሹ በሙሉ ከዋለ ድርጅቱ በአራት ዓመት ውስጥ ተጨማሪ ግብር አልከፈለም፤ የከፈለው አስቀድሞ ነው። ይህን መደመር በራስዎ ሠንጠረዥ ላይ ይሞክሩት፤ ሁለቱ ድምሮች ካልተገናኙና ቀሪው ቀናሽ ዜሮ ከሆነ አንድ ቦታ ቀናሽ ጠፍቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

አስቀድሞ መክፈል ግን በነፃ አይደለም። ድርጅቱ ጥቅል ብረት የሚገዛው በባንክ ብድር ነው። በ2018 የታሰረው 1,200,000 ብር እስከ 2020 መዝጊያ ሲቆይ ወለድ ይከፈልበታል፤ የብሩም የመግዛት አቅም በዚያ ጊዜ ውስጥ እዚያው አይቆይም። ቀናሹ የሚመዘገበው በተከፈለው ብር ልክ ነው፣ ወለድ አይጨመርበትም።

ቀናሹ የማይመለስበት ሁኔታ

ሠንጠረዡ ያማረው ትርፉ ከ8.33 በመቶ በላይ ይወጣል ስለተባለ ነው። በ2020 ትርፉ 15 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 7 በመቶ ቢሆንስ? በ66,000,000 ብር ሽያጭ ላይ ትርፉ 4,620,000 ብር፣ መደበኛው ግብር 1,386,000 ብር ነው። ወለሉ 1,650,000 ብር ነው። አሁንም ቀናሽ መጠቀም አልተቻለም፣ እንዲያውም 264,000 ብር ተጨመረበት፤ ቀሪው 1,884,000 ብር ሆነ። እንዲህ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ቀናሹ በወረቀት ላይ ያድጋል፣ የመጠቀሚያ ዕድሉ ግን ይጠብባል። በዚያ ጊዜ 2.5 በመቶው አስቀድሞ የተከፈለ ግብር መሆኑ ቀርቶ የዕቃው ዋጋ አካል ይሆናል።

ይህም ለኦዲተሩ ጥያቄ ያስነሳል። 1,200,000 ብሩን በሀብት በኩል እንደ ወደፊት ቀናሽ መመዝገብ የሚቻለው ቀናሹን የሚውጥ ትርፍ እንደሚመጣ አሳማኝ ማስረጃ ሲኖር ነው። ለዚህ ድርጅት የቀረበው ማስረጃ የተፈረሙ የሽያጭ ውሎችና በ2019 የመጀመሪያው ሩብ ዓመት የታየው ትርፍ ነበር። ማስረጃው ባይኖር ሙሉው ገንዘብ በ2018 የግብር ወጪ ሆኖ ይመዘገብ ነበር፤ ይህ ግን በግብር መዝገቡ ላይ ያለውን ቀናሽ አይሰርዘውም። የሂሳብ መግለጫውና የግብር መቆጣጠሪያ ገጹ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ባለቤቱ ከዚህ ሁሉ ስሌት በኋላ የወሰኑት የዋጋ አወጣጣቸውን መለወጥ ነው። ለትልልቅ ተቋራጮች ሲሸጡ በብዛት ስለሚወስዱ ብቻ 4 እና 5 በመቶ ትርፍ ይበቃል ይሉ ነበር። አሁን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ከእያንዳንዱ 1,000 ብር ሽያጭ 25 ብር ግብር እንደሚወጣ ቀድሞ ይታሰባል። 1,000 ብር በ5 በመቶ ሲሸጥ ትርፉ 50 ብር ነው፤ 25 ብሩ ለግብር ሲሄድ ግማሹ ነው። በ30 በመቶ ቢሰላ ግን 15 ብር ብቻ ይሆን ነበር። ቀሪው 10 ብር ቀናሽ ነው፤ የሚመለሰው ሌላው ሽያጭ ከ8.33 በመቶ በላይ አትርፎ ካካካሰው ነው። ግብሩ የሚታየው በዓመቱ ጠቅላላ ድምር ላይ እንጂ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ስላልሆነ፣ በጠባብ ትርፍ የተሸጠውን በሰፊ ትርፍ የተሸጠው ሊያካክሰው ይችላል። ስለዚህ የ2019 ዕቅዳቸው የተቋራጮቹን ሽያጭ አላቆመም፤ ዓመታዊው አማካይ ከመስመሩ በታች እንዳይወርድ በየሩብ ዓመቱ ሽያጩንና ትርፉን አካፍሎ የሚያይ አንድ ገጽ ተጨመረ። የመጀመሪያው ገጽ መስከረም 30 ቀን 2019 ላይ 9.1 በመቶ አሳይቷል።